ሌቨር ሩል ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች፦ 40 በመቶ ቲን ያለበትን ቅይጥ ይዘን

ሌቨር ሩል ቅይጥ ውስጥ ያሉት ፌዞች፣ ማለትም እንደ ፈሳሽና ጠጣር ያሉት ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው ስንት እንደሆኑ ከፌዝ ዲያግራም ላይ የምናሰላበት ዘዴ ነው፤ ሁለት መቀነስና አንድ ማካፈል ብቻ። ሂሳቡ የሚያቅተው ተማሪ የለም። ይሁንና አዳማ ላይ የማቴሪያልና የሜካኒካል ተማሪዎች የሠሩት ወረቀት ሲታረም ቀይ እስክሪብቶ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ከዓመት ዓመት አይለወጡም። ስህተቱ ወይ ከመቀነሱ በፊት ዲያግራሙን በማንበብ ላይ ነው፣ ወይ ከማካፈሉ በኋላ የወጣው ቁጥር የምን ቁጥር እንደሆነ በመርሳት ላይ ነው። ካልኩሌተሩን አትውቀሱት።

ሁሉንም በአንድ ቅይጥ ላይ እንያቸው፦ በክብደት 40 በመቶ ቲን፣ 60 በመቶ ሊድ። የሬዲዮና የሞባይል ጠጋኞች ስታኞ እያሉ የሚጠቀሙበት ነገር የዚሁ ቤተሰብ ነው። የሊድና የቲን ዲያግራም ለጀማሪ የሚመረጠው ቁጥሮቹ ስለማያስቸግሩ ነው። ንጹሕ ሊድ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ንጹሕ ቲን ደግሞ በ232። 61.9 በመቶ ቲን ያለበት ድብልቅ ግን ከሁለቱም ቀድሞ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ዩቴክቲክ የሚባለው ነጥብ ይህ ነው። በግራ በኩል ያለው ጠጣር አልፋ ነው፤ በዋናነት ሊድ ሆኖ ጥቂት ቲን የሟሟበት ማለት ነው። በ183 ዲግሪ እስከ 18.3 በመቶ ቲን ይይዛል። በቀኝ ያለው ቤታ በዚያው ሙቀት 97.8 በመቶ ቲን ነው። አንዳንድ መጽሐፍ 18.3 በሚለው ፈንታ 19.2፣ 97.8 በሚለው ፈንታ 97.5 ይላል። በዚህ አትጨነቁ፤ ፈተናው ላይ የተሰጣችሁን ዲያግራም ተከተሉ።

አሁን ቅይጡን ሙሉ በሙሉ አቅልጠን ቀስ ብለን እያቀዘቀዝን በ200 ዲግሪ ላይ እናቁመው። አግድም ዘንጉ ላይ 40ን፣ ቁም ዘንጉ ላይ 200ን ይዛችሁ የሚገናኙበት ላይ ነጥብ አድርጉ። ነጥቡ ያረፈው አልፋና ፈሳሽ አብረው በሚኖሩበት ክልል ውስጥ ነው። በነጥቡ በኩል ፍጹም አግድም መስመር አስምሩ፤ ታይ ላይን የምንለው ይህ ነው። መስመሩ በግራ የአልፋ ብቻ ክልል የሚያበቃበትን ሶሊደስን ይነካል፣ በቀኝ የፈሳሽ ብቻ ክልል የሚጀምርበትን ሊኩዊደስን። ከሁለቱም ጫፎች ቀጥ ብላችሁ ወደ ታችኛው ዘንግ ውረዱ። የግራው ወደ 17 ይወርዳል፣ የቀኙ ወደ 56። በእጃችሁ ያሉት ሦስት ቁጥሮች እንግዲህ 17፣ 40 እና 56 ናቸው።

```
የፈሳሽ ድርሻ = (40 − 17) ÷ (56 − 17) = 23 ÷ 39 = 0.59
የአልፋ ድርሻ = (56 − 40) ÷ (56 − 17) = 16 ÷ 39 = 0.41
```

በቃ፣ ሥራው ይህ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንን የሚያበላሽ ነገር ነው።

ክንዱን ማገላበጥ

ከሁሉም የሚያንገበግበው ይህ ነው፤ ለዚህም ነው ረዘም የማደርገው። ተማሪው አልፋን ሲፈልግ ዓይኑ ወደ አልፋ ጫፍ ይሄዳል፣ ከነጥቡ እስከዚያ ጫፍ ያለውን ክንድ ይለካል፣ 23ን ለ39 ያካፍልና «አልፋ 59 በመቶ» ብሎ ይጽፋል። ዓይን ሌላ ነገር እንዲያደርግ መጠበቅም ይከብዳል። አልፋ እዚያ ጋ ነው፣ ታዲያ ለምን ወደ ሌላው ጫፍ እንሄዳለን?

ሁለት ሰዎች ረጅም እንጨት ትከሻቸው ላይ አድርገው ከመሐሉ ጆንያ አንጠልጥለው ሲሸከሙ አስቡ። ጆንያው ወደ ፊተኛው ሰው ከተንሸራተተ ክብደቱን የሚሸከመው ፊተኛው ነው። የፊተኛው ሸክም የበዛው በእሱ በኩል ያለው እንጨት ስላጠረ ነው፤ ይህ ማለት ደግሞ በኋለኛው በኩል ያለው ስለረዘመ ነው። ታይ ላይኑ እንጨቱ ነው፣ 40 ጆንያው የተንጠለጠለበት ቦታ ነው፣ አልፋና ፈሳሽ ተሸካሚዎቹ ናቸው። ነጥቡ የሚቀርበው ፌዝ ይበዛል፤ የአንዱ ድርሻ በተቃራኒው ክንድ ይለካል። የእኛ 40 ከ56 በ16 ነው የሚርቀው፣ ከ17 ደግሞ በ23። ስለዚህ ወደ ፈሳሹ ይቀርባል፣ ፈሳሹ መብለጥ አለበት።

ብዙዎች «ሁለቱ ድርሻዎች ተደምረው 1 ስለመጡልኝ ትክክል ነኝ» ብለው ያልፋሉ። ይህ ማረጋገጫ ለዚህ ስህተት ምንም አይፈይድም። 0.59 እና 0.41 ቢገላበጡም ድምራቸው ያው 1 ነው። የሚያጋልጠው የቲን ሂሳብ ነው። 100 ግራም ቅይጥ ቢኖረን ውስጡ 40 ግራም ቲን አለ፤ ቀለጠም ጠጠረም ያ ቲን የትም አይሄድም። በትክክለኛው መልስ 59 ግራም ፈሳሽ 56 በመቶው ቲን ስለሆነ 33 ግራም ገደማ ቲን ይይዛል፤ 41 ግራም አልፋ 17 በመቶው ቲን ስለሆነ 7 ግራም ገደማ ይይዛል። ተደምሮ 40። በተገላበጠው መልስስ?

```
ትክክለኛው፦  0.59 × 56 + 0.41 × 17 = 33.0 + 7.0  = 40.0
የተገላበጠው፦ 0.41 × 56 + 0.59 × 17 = 23.0 + 10.0 = 33.0
```

ሰባት ግራም ቲን ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ከመስቀል ምልክት ይልቅ «7 ግራሙ የት ገባ?» ተብሎ ቢጻፍ ተማሪው ራሱ ያገኘዋል። ይህንን ሂሳብ የለመደ ሰው እንዲያውም ቀመሩን በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም። የፈሳሹን ድርሻ ባልታወቀ ፊደል ተክቶ የሁለቱን ቲን ደምሮ ከ40 ጋር ቢያስተካክል 23 ለ39 ራሱ ይወጣል። ሌቨር ሩል የተገኘውም ከዚያ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። በዚህ ቅይጥ ላይ ከ183 ጥቂት ከፍ ብሎ፣ 184 ዲግሪ እንበል፣ ጥያቄ ቢሰጣችሁ ጫፎቹ 18.3 እና 61.9 ይሆናሉ። 40 ደግሞ ከሁለቱ መሐል ላይ ነው ማለት ይቻላል። ፈሳሹ 0.498፣ አልፋው 0.502 ይወጣል። ክንዱን ያገላበጠውም ያላገላበጠውም «ግማሽ በግማሽ» ብሎ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ከዚያ የተገላበጠውን ዘዴ ይዞ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ ይሄዳል፣ እዚያ ይወድቃል፣ «ያኛው እኮ ሠርቶልኛል» ብሎም ይከራከራል። ስትለማመዱ ነጥቡ ወደ አንዱ ጫፍ የተጠጋበትን ጥያቄ ምረጡ፤ ስህተት ካለባችሁ ቶሎ ይጮኻል።

መስመሩን ከክልሉ ውጪ ማስረዘም

ታይ ላይኑ የሚያበቃው ነጥቡ ያለበትን የሁለት ፌዝ ክልል በሚዘጉት መስመሮች ላይ ነው። ከዚያ አንዲት ሚሊ ሜትር አይዘልም። አንዳንዱ ግን ማስመሪያውን አጋድሞ ከዘንግ እስከ ዘንግ ይስበዋል፤ ጫፎቹ 0 እና 100 ይሆኑበታል። ሲያሰላው ፈሳሽ 40 በመቶ፣ አልፋ 60 በመቶ ይወጣል። ቁጥሮቹን እዩአቸው፤ ጥያቄው ላይ የተሰጡት ናቸው። ያሰላው የፌዞቹን ድርሻ ሳይሆን አስቀድሞ የሚያውቀውን የቲንና የሊድ ድርሻ ነው። መልሳችሁ የጥያቄውን ቁጥር ቅጂ ሆኖ ከመጣ መስመራችሁ ረዝሟል።

ሌላው ዓይነት ይበልጥ ይደበቃል። በ200 ዲግሪ ወደ ቀኝ የሚሄድ ሰው ሊኩዊደስን አልፎ ወደ ፈሳሽ ብቻ ክልል ይገባል፣ ያንን ተሻግሮ ደግሞ ቤታና ፈሳሽ ያሉበትን ያገኛል፣ ቀጥሎ ቤታ ጋ ይደርሳል። ከ183 በታች የሠራው ጥያቄ ትዝ ስለሚለው ቤታ ድረስ ካልሄደ ያልጨረሰ ይመስለዋል። ግን በ200 ዲግሪ ይህ ቅይጥ ውስጥ ቤታ የሚባል ነገር የለም። ከነጥቡ ተነስታችሁ በግራም በቀኝም የመጀመሪያው መስመር ላይ ቁሙ።

ነጥቡ አንድ ፌዝ ብቻ ባለበት ክልል ካረፈ ደግሞ ሌቨር ሩል የሚባል ነገር ጭራሽ አይነሳም። ይህ ቅይጥ በ300 ዲግሪ መቶ በመቶ ፈሳሽ ነው፣ ፈሳሹም 40 በመቶ ቲን ነው። የሚቀነስም የሚካፈልም የለም።

«ስንት አለ» እና «ውስጡ ምን አለ»

በ200 ዲግሪ ፈሳሹ 59 በመቶ ነው። በ200 ዲግሪ ፈሳሹ 56 በመቶ ነው። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እንዲህ ተቆርጠው ሲጻፉ ትርጉም የላቸውም፤ የተማሪ ወረቀት ላይ የሚገኙት ግን እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው የቅይጡ 59 በመቶ ቀልጦ ይገኛል ለማለት ነው። ሁለተኛው የቀለጠው ክፍል 56 በመቶው ቲን ነው ለማለት ነው። ይዘቱ ከመስመሩ ጫፍ ይነበባል፣ ድርሻው ግን በክንድ ይሰላል።

ልዩነቱ እንዲገባችሁ ቅይጡን ቀይሩት። 30 በመቶ ቲን ያለውን በዚያው በ200 ዲግሪ አስቀምጡ። ጫፎቹ አይንቀሳቀሱም፦ አልፋው አሁንም 17፣ ፈሳሹ አሁንም 56 በመቶ ቲን ነው፤ ሙቀቱ አልተለወጠማ። የተለወጠው ድርሻው ብቻ ነው፤ ፈሳሹ 13 ለ39፣ ሲሶ ሆነ። ይዘቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው፤ ድርሻውን ግን ሙቀቱና የቅይጡ ቲን አንድ ላይ ሆነው ነው።

ልክ 183 ላይ ማስላት

አግድም የሆነው የዩቴክቲክ መስመር ተስሎ ስለሚገኝ «ታይ ላይን ተሰጥቶናል» ብለው የሚደሰቱ አሉ። ልክ በ183 ዲግሪ ላይ አልፋ፣ ቤታና ፈሳሽ ሦስቱም አብረው ይኖራሉ። የማናውቃቸው ድርሻዎች ሦስት ናቸው፤ ያሉን እኩልታዎች ሁለት ናቸው፣ የጠቅላላ ክብደትና የቲን። ሌቨር ሩል ለሁለት ፌዝ ነው፣ እዚህ አይሠራም። በ183 ላይ ምን ያህሉ ፈሳሽ እንደቀረ የሚወሰነው ምን ያህል የሙቀት ኃይል ከቅይጡ እንደወጣ ነው፤ ዲያግራሙ ደግሞ ያንን አይነግረንም። ጥያቄ አውጪውም ቢሆን «ከዩቴክቲኩ ጥቂት ከፍ ብሎ» ወይም «ጥቂት ዝቅ ብሎ» ማለት አለበት። «ጥቂት» ሲል አንድ ዲግሪ ብትወስዱ ይበቃል፤ የጫፎቹ ቁጥር በዚያ አይለወጥም።

አልፋ ሁሉ አንድ ይመስለናል

ክንዱን ማገላበጥ የጀማሪ ስህተት ነው። ይህኛው ግን ሌቨር ሩል «ገብቶኛል» ያለውን ሰው የሚጥል ነው፣ ስለዚህ በዝግታ እንሂድ።

ቅይጡ በ184 ዲግሪ ላይ ነው። ከፍ ብለን እንዳየነው 50.2 በመቶው አልፋ ሆኖ ጠጥሯል፣ 49.8 በመቶው ገና ፈሳሽ ነው። ይህ አልፋ ቀድሞ የጠጠረ ስለሆነ ቀዳሚ አልፋ እንበለው። በማይክሮስኮፕ ጎላ ጎላ ብሎ፣ ክብ ክብ ወይም ቅርንጫፍ መሳይ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። የቀረው ፈሳሽ ልክ 61.9 በመቶ ቲን ሆኗል፤ የዩቴክቲኩ ይዘት ማለት ነው።

አሁን ወደ 182 ዝቅ አድርጉት። ያ ፈሳሽ በሙሉ ይጠጥራል፤ ሲጠጥር ግን አንድ ነገር አይሆንም። አልፋና ቤታ ቀጫጭን ሆነው እየተፈራረቁ ይደረደራሉ። ይህ ድርድር ዩቴክቲክ መዋቅር ይባላል። እንግዲህ አልፋ በሁለት ቦታ አለ ማለት ነው፦ ጎላ ባሉት ቁርጥራጮች ውስጥ፣ እንደገናም በድርድሩ ውስጥ።

በ182 ዲግሪ ታይ ላይን ብታስምሩ ጫፎቹ 18.3 እና 97.8 ናቸው።

```
ጠቅላላ አልፋ = (97.8 − 40) ÷ (97.8 − 18.3) = 57.8 ÷ 79.5 = 0.727
ጠቅላላ ቤታ = (40 − 18.3) ÷ (97.8 − 18.3) = 21.7 ÷ 79.5 = 0.273
```

ጥያቄው «ቀዳሚ አልፋ ስንት ነው?» ሲል 72.7 ብሎ የሚመልስ አለ። «ጠቅላላ አልፋ ስንት ነው?» ሲባል 50.2 የሚልም አለ። ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥር አግኝተው የተሳሳተ ጥያቄ መልሰዋል። ጠቅላላውን ስትፈልጉ ከዩቴክቲኩ በታች ቁሙና በአልፋና በቤታ መካከል አስምሩ። ቀዳሚውን ስትፈልጉ ከዩቴክቲኩ በላይ ቁሙና በአልፋና በፈሳሽ መካከል አስምሩ፤ ከ183 በላይ የጠጠረው ብቻ ነው ቀዳሚ። የዩቴክቲክ መዋቅሩ ድርሻም ከዚያው ይገኛል፣ የመጨረሻው ፈሳሽ ድርሻ 49.8 በመቶ ነው።

ድርድሩ ውስጥ የተደበቀው አልፋ እንግዲህ 72.7 ሲቀነስ 50.2፣ 22.5 በመቶ ነው። ይህንን በሌላ መንገድ ማጣራት ይቻላል፤ ማጣራቱንም አትዝለሉት፣ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ የሚያስረዳው እሱ ነው። 61.9 በመቶ ቲን ያለው ፈሳሽ ብቻውን ቢጠጥር ከውስጡ ስንቱ አልፋ ይሆናል? 97.8 ሲቀነስ 61.9፣ 35.9 ነው፤ ለ79.5 ስናካፍለው 0.452። እኛ ያለን ፈሳሽ የቅይጡ 0.498 ብቻ ስለሆነ እናባዛዋለን፤ 0.225 ይወጣል። ያው 22.5 በመቶ። ሁለቱ መንገዶች ካልተገናኙላችሁ አንዱ ላይ ጫፍ አሳስታችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ 61.9 በሚያስፈልግበት ቦታ 97.8 ተጽፎ ይገኛል።

ቤታስ? ይህ ቅይጥ ከዩቴክቲኩ በስተግራ ስለሆነ ቀዳሚ ቤታ የለውም። 27.3 በመቶው ቤታ በሙሉ ድርድሩ ውስጥ ነው ያለው። «ቀዳሚ ቤታ አስሉ» የሚል ጥያቄ ለዚህ ቅይጥ ከመጣ መልሱ ዜሮ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሆን ብሎ የሚሰጥ መምህር አለና አትደንግጡ።

ኮፒ የተደረገ ዲያግራምና የዓይን ግምት

ግቢ በር ላይ ካሉት ኮፒ ቤቶች የሚወጣው ዲያግራም የኮፒ ኮፒ ነው። መስመሩ ወፍሯል፣ ወረቀቱ ትንሽ ዞሯል፣ በአንድ በኩልም ተለጥጧል። ስለዚህ አግድም መስመራችሁን ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ሳይሆን ከዲያግራሙ የራሱ ዘንግ ጋር አስተካክሉ። በማስመሪያ መሥራት ለሚፈልግ አቋራጭ አለ። የታችኛው ዘንግ ከ0 እስከ 100 ድረስ 150 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ በመቶ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። የ200 ዲግሪው ታይ ላይን 58.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ የግራው ክንድ 34.5። ሁለቱን ብታካፍሉ ያው 0.59 ነው፤ ወደ በመቶ መለወጥ ሳያስፈልግ። ይህ የሚሠራው ዘንጉ እኩል የተከፋፈለ ስለሆነ ነው። ሁለቱም ልኬት ከአንድ ወረቀት ላይ መወሰድ አለበት።

በዚህ ላይ ካልኩሌተሩ የሰጠውን 0.58974 እንዳለ መገልበጥ አያምርም። የሊኩዊደሱን ጫፍ 56 ብለን ያነበብነው በዓይን ነው። 55 ብሎ ያነበበ 0.605 ያገኛል፣ 57 ያለ 0.575። ሁለት አኃዝ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጻፈው ዲያግራሙ ያልሰጠው ነገር ነው።

በአጭሩ የሚታለፉ

አንዳንድ ዲያግራም ከታች በክብደት፣ ከላይ በአቶም ብዛት የተከፋፈለ ሁለት ዘንግ አለው። የሊድ አቶም ከባድ ስለሆነ ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ፦ በክብደት 40 በመቶ የሆነው ቲን በአቶም 53.8 በመቶ ነው፣ 61.9 የነበረው ዩቴክቲክም 73.9 ላይ ይገኛል። ነጥቡን ከታች ዘንግ ይዞ ጫፎቹን ከላይ የሚያነብ ሰው ምንም ዓይነት ሂሳብ አያድነውም። ሦስቱንም ቁጥር ከአንድ ዘንግ ውሰዱ።

የስታኞ ጥቅል ላይ 60/40 ሲል መጀመሪያ የተጻፈው ቲን ነው። ስለዚህ ያ ስታኞ 60 በመቶ ቲን ያለው፣ ዩቴክቲኩ አጠገብ የሚገኝ ነው፤ የእኛ ቅይጥ ደግሞ ግልባጩ። ሁለቱን ያምታታ ሰው ነጥቡን ከሥሩ ሌላ ቦታ ይተክለዋል።

ሌቨር ሩል የሚሰጠው የክብደት ድርሻ ነው። በማይክሮስኮፕ የምታዩት ስፋት ግን ለቮልዩም እንጂ ለክብደት አይመሰክርም። በ182 ዲግሪ ያገኘነው 27.3 በመቶ ቤታ ቀላል ነው፣ በኩብ ሴንቲ ሜትር ወደ 7.3 ግራም፤ አልፋው ወደ 10.3 ግራም ነው። የእያንዳንዱን ድርሻ አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትሩ ለሚመዝነው ግራም አካፍላችሁ ብታነጻጽሩ ቤታው ከቦታው ወደ 35 በመቶ ይይዛል። ፎቶ ላይ ቆጥሮ 35 አግኝቶ «ሌቨር ሩሉ ተሳስቷል» የሚል ሰው ልክ ቆጥሯል፤ ያወዳደረው ግን ክብደትን ከቮልዩም ጋር ነው።

ዲያግራሙ ከሚያውቀው በላይ መጠየቅ

ከላይ ያሰላነው ሁሉ ቅይጡ በጣም ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ፣ በየሙቀቱ ቲንና ሊድ ቦታቸውን ለማስተካከል ጊዜ አግኝተው እንደሆነ ነው። ፈሳሽ ውስጥ አቶም በቀላሉ ይንቀሳቀሳል፤ ጠጣር ውስጥ ግን አይደለም። ቀድሞ የጠጠረው አልፋ እምብርቱ ላይ ቲን አንሶት ይቀራል፣ ዳሩ ላይ ይበዛለታል። አልፋው መውሰድ የነበረበትን ቲን ሁሉ ስላልወሰደ ትርፉ ፈሳሹ ውስጥ ይከማቻል፣ ዩቴክቲክ መዋቅሩም ሌቨር ሩል ካለው ይበልጣል።

ይህንን በግልጽ የሚያሳየው 15 በመቶ ቲን ያለው ቅይጥ ነው። በ182 ዲግሪ ነጥቡ ከ18.3 በስተግራ፣ አልፋ ብቻ ባለበት ክልል ውስጥ ነው። በዲያግራሙ መሠረት ከ183 በላይ ሙሉ በሙሉ ጠጥሮ አልቋል፣ ስለዚህ ዩቴክቲክ መዋቅር ሊኖረው አይገባም። ቶሎ አቀዝቅዛችሁ፣ ቆርጣችሁ፣ አለስልሳችሁ በማይክሮስኮፕ ብታዩት ግን በአልፋ ቅንጣቶቹ መካከል ድርድሩ ጎልቶ ይታያል። እዚህ ላይ ሂሳቡን ደጋግሞ መሥራት አያስፈልግም፤ ናሙናው እንዴት እንደቀዘቀዘ ጠይቁ። ዩቴክቲኩን ማጥፋት ከተፈለገ ናሙናውን ከ183 ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት ለረጅም ሰዓት ማቆየት ነው፤ በዚያ ሙቀት ቲኑ ቀስ በቀስ ወደ አልፋው ውስጥ ይገባል። ከ183 ካለፋችሁ ግን ያ ድርድር መጀመሪያ የሚቀልጠው ክፍል ነውና ናሙናው በቅንጣቶቹ መካከል ይላላል።